ሽፋኑን ተዪው፣ የማስተካከያውን ምዕራፍ ግለጪ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተምራለሁ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የ“ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ” መማሪያ መጽሐፍ አንቺ ምረጪ ተባልኩ። ላይብረሪያችን ውስጥ አርባ የሚሆን የቆየ የአሜሪካ መጽሐፍ አለ። ጓደኛዬ ደግሞ የዚያኑ መጽሐፍ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደንብ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ የተጻፈውን እትም በሶፍት ኮፒ ሰጥታኛለች። ዲናችን “አዲሱን ያዢና ገላግዪን” ይላሉ። ግን ልጆቹ አብዛኞቹ ከመንዝና ከመርሐቤቴ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፤ ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ይከብዳቸዋል። በዚያ ላይ ከየዘመዱ የተለያየ ኤዲሽን ይዘው ይመጡና የቤት ሥራ ስሰጥ የአንዱ ጥያቄ ከሌላው አይገጥምም። ምን አይቼ ልወስን?»
መምህርቷ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ሁለቱንም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ምዕራፍ አንድን እለፊው። ምዕራፍ አንድ በሁሉም መጽሐፍ ግልጽ ነው፤ አሳታሚውም የሚደክመው እዚያ ላይ ነው፣ ቀለሙም ሥዕሉም እዚያ ነው። አንቺ በቀጥታ ወደ ማስተካከያው፣ አድጀስቲንግ ኢንትሪ ወደሚባለው ምዕራፍ ሂጂ፤ በአብዛኞቹ መጻሕፍት ሦስተኛው ነው። የጀማሪ ተማሪ እግር የሚሰበረው እዚያ ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ገባ፣ ገንዘብ ወጣ፣ ተመዘገበ። እዚህ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ ምዝገባ ይመጣል። ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ፣ ገና ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ሥራው ሳይሠራ የተቀበልነው ገንዘብ። ይህን በደንብ የሚያስረዳ መጽሐፍ ቀሪውን ያስረዳል። እዚህ ላይ ከተንተባተበ ሌላው ምዕራፍ ቢያምርም ብዙ አትጠብቂ።

ግልጽነቱን ደግሞ ራስሽ አንብበሽ አትፍረጂ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ነው የሚያነበው። አምና ካስተማርሻቸው ሳይሆን ገና ወደዚህ ምዕራፍ ካልደረሱት መካከለኛ የሆነ ልጅ ጥሪ። ጎበዙን አይደለም፣ እሱ ከጋዜጣም ይማራል። ስለ ቀድሞ ክፍያ የሚያወሩትን ሁለት ሦስት ገጾች ስጪውና ዝም በዪ። አንብቦ ሲጨርስ «ገባህ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ልጆቻችን ሲጠየቁ ሁልጊዜ ገብቷቸዋል። ይልቅ አንድ ጥያቄ አሠሪው።

ጥያቄው እንዲህ ይሁን። ጠባሴ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ጥቅምት 1 ቀን የ12 ወር ኪራይ 36,000 ብር ቀድሞ ከፈለ፤ ሲከፍልም ቅድመ ክፍያ ብሎ ንብረት ውስጥ መዘገበው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ 30 ላይ ምን ይመዘገባል?

መልሱን ታውቂዋለሽ። ወሩ 3,000 ብር ነው፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ዘጠኝ ወር አለ፣ ስለዚህ 27,000 ብር የኪራይ ወጪ ዴቢት፣ ቅድመ ክፍያ ኪራይ በ27,000 ክሬዲት፤ ንብረት ሆኖ የሚቀረው 9,000 ነው። (ጳጉሜን አትጨነቂ፣ ከነሐሴ በኋላ ስለሆነች እዚህ ስሌት ውስጥ አትገባም፤ ለብቻዋ የሚያስከፍል አከራይ እስኪመጣ ድረስ ሰላም ነን።)

አሁን ዋናው ነገር ልጁ የሚሳሳትበት መንገድ ነው። 36,000 ሙሉውን ወጪ ካደረገው መጽሐፉ የማስተካከያውን ምክንያት አልነገረውም ማለት ነው፤ አሠራሩን አሳይቶት ለምን እንደሚሠራ ግን ዘሎታል። 9,000 ወጪ ካለሽ ደግሞ እንዴት እንዳመጣው ጠይቂው፣ ምክንያቱም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ያለቀውንና የቀረውን አምታትቶ ነው፤ ይህ የመጽሐፉ የአገላለጽ ችግር ነው። ሌላው ግን የመጽሐፉን ምሳሌ እንዳለ ገልብጦ ነው፦ የአሜሪካው መጽሐፍ ኦክቶበር 1 ይከፍልና ዲሴምበር 31 ይዘጋል፣ ሦስት ወር ይቆጥራል። ልጁም ሦስት ወር ቆጠረ፣ ሦስት ጊዜ 3,000፣ 9,000። ይህኛው መጽሐፍ ለመጣል የሚያበቃ ነገር አይደለም። ዓመቱ በኛ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አንድ አንቀጽ ጽፈሽ ብትሰጪያቸው ይስተካከላል። የመጀመሪያውን ግን አንቀጽ አይጠግነውም።

ሁለቱን መጻሕፍት በተመሳሳይ ጥያቄ፣ ለሁለት የተለያዩ ልጆች ሞክሪ። ብትችዪ በየመጽሐፉ ሁለት ሁለት ልጅ ይሁን። ከዚያ በላይ ማድከም አያስፈልግም፤ ስሕተቱ ከተደጋገመ ከመጽሐፉ ነው።

ብዙ መምህራን ስለ ግልጽነት ሲያወሩ የጎልፍ ትምህርትና የበረዶ ጠረጋ ድርጅት ምሳሌ ያማርራሉ። ልክ ነው፣ የሞላሌ ልጅ በረዶ ጠራጊ ኩባንያ ምን እንደሚያስከፍል አያውቅም። ግን እኔን ብዙ አያሳስበኝም። ጎልፉን የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አድርጊው፣ አለቀ፤ ሥልጠናው ሳይሰጥ የተቀበልነው ክፍያ ያው ዕዳ ነው። የሚያሳስበኝ መዝለል ነው። ምሳሌው የጆርናል ምዝገባውን ካሳየ በኋላ ያ ምዝገባ ሌጀር ላይ ምን እንዳደረገ፣ ሒሳቡ ከምን ያህል ወደ ምን ያህል እንደወረደ የቲ አካውንት ሥዕሉን ያሳያል ወይስ ወደሚቀጥለው ይሮጣል? እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ ያቺ ሥዕል ከሦስት አንቀጽ ትበልጣለች። ሌላም አለ። ከኋላ ያለውን የቃላት ማውጫ ክፈቺና ከምዕራፉ ዋና ዋና ቃላት ሦስት ያህል ምረጪ። ቃሉ መጀመሪያ የተጠቀሰበት ገጽና የተብራራበት ገጽ አንድ ናቸው? ቃሉን መጀመሪያ ተጠቅሞበት ከሃያ ገጽ በኋላ የሚያብራራ መጽሐፍ ልጆቹን ሃያ ገጽ በግምት ያስነብባቸዋል።

ወደ መልመጃው እንምጣ። ብዛቱን አትቁጠሪ። የአሜሪካ መጻሕፍት በመልመጃ ብዛት አይታሙም፤ ጥያቄው ተማሪው ራሱ እንዲወስን ያደርገዋል ወይ የሚለው ነው። «ለቅድመ ክፍያ ኪራይ ማስተካከያ መዝግብ» የሚል ጥያቄ መልሱን ግማሽ ነግሮታል፤ የቀረው ማካፈል ነው። «ይኸው ትራያል ባላንሱ፣ ይኸው ስድስት መረጃ፤ ማስተካከያ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» የሚልና ከስድስቱ አንዱ ምንም ማስተካከያ የማይፈልግበት ጥያቄ ግን ልጁ እንዲያስብ ያደርገዋል። ጥሩ መጽሐፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ይዟል፤ አጫጭሮቹ መጀመሪያ፣ የተደባለቁት ቀጥለው፣ በመጨረሻ ከምዝገባ እስከ ሪፖርት የሚያስኬድ አንድ ትልቅ ጥያቄ። አጫጭሮቹ ብቻ ካሉበት ሚድ ላይ «ክፍል ውስጥ ገብቶን ነበር» የሚሉ ልጆች ይበዙብሻል።

የምዕራፉን የመጨረሻ ጥያቄ ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሥሪው፣ እስክሪብቶ ይዘሽ። ምዕራፉ ያላስተማረውን ነገር ስንት ቦታ ተጠቀምሽ? ገና ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ የሚመጣ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። አንዴ ቢሆን ችግር የለውም፣ ታልፊዋለሽ። በየምዕራፉ ከሆነ ግን ደራሲዎቹ ምዕራፎቹን ሲያፈራርቁ መልመጃዎቹን አብረው አላዘዋወሯቸውም ማለት ነው፤ ይህ በተለይ ብዙ ጊዜ በታደሱ መጻሕፍት ላይ ይታያል።

የስሕተት ፍለጋ መልመጃ አለው ወይ ብለሽም እዪ። በሥራ ዓለም ልጆቹ የሚገጥማቸው እሱ ነው። ለምሳሌ 5,400 መሆን የነበረበት በአንድ በኩል 4,500 ተብሎ ሲጻፍ ትራያል ባላንሱ በ900 ይለያያል፤ 900 ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ቁጥር ተገለባብጦ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ይህን ብዙዎቹ መጻሕፍት ያስተምራሉ። ከባዱ ሁለተኛው ዓይነት ነው፦ የማሽን ጥገና 5,400 ብር ወጪ መሆን ሲገባው ማሽን ተብሎ ንብረት ውስጥ ገባ። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው፣ ትራያል ባላንሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ትርፉ ግን በ5,400 ተጋንኗል። «ትራያል ባላንስ ገጠመ ማለት ሒሳቡ ልክ ነው» ብሎ የሚመረቅ ልጅ ብዙ ነው፤ መጽሐፉ ሁለተኛውን ዓይነት ጥያቄ ካልሰጠው ማን ያርመዋል?

ስለ መልስ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የታዋቂዎቹ መጻሕፍት ሶሉሽን ማንዋል ቴሌግራም ላይ እንደ ልብ ነው። ልጆችሽ ከአንቺ ቀድመው አግኝተውት ይሆናል። ስለዚህ ለቤት ሥራ ሁለት ተመሳሳይ ስብስብ፣ ሀ እና ለ የሚባል ዓይነት፣ ያለው መጽሐፍ ይሻልሻል። ሀ ስብስብን መልሱን እያዩ ይለማመዱበት፣ ለ ስብስብን ቁጥሩን ቀይረሽ ስጪ። ቁጥር ስትቀይሪ 36,000ን 35,000 አታድርጊው፣ ለ12 ሲካፈል ክፍልፋይ ያመጣና ልጁ የሒሳብ አያያዙን ትቶ ከአሥርዮሽ ጋር ይታገላል።

አሁን ወደ ወቅታዊነቱ። ዲናችሁ «አዲሱን» ሲሉ ዓመተ ምሕረቱን ማለታቸው ነው መሰለኝ። እዚህ ላይ አልስማማም። በአካውንቲንግ መጽሐፍ ከታተመበት ዓመት በፊት የሚጠየቀው በየትኛው ደንብ ነው የተጻፈው የሚለው ነው። እኛ አገር የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ የሚሠራው በአይኤፍአርኤስ ነው፤ ትንንሾቹም ቢሆኑ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀውን አጠር ያለውን ይጠቀማሉ። የአሜሪካው መጽሐፍ ደግሞ በአሜሪካው ደንብ፣ በዩኤስ ጋፕ፣ ነው የሚሄደው። ልዩነቱን በደንብ የምታዪው ኢንቨንተሪ ምዕራፍ ላይ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ ሚያዝያ ላይ 100 ብርድ ልብስ በ800 ብር ገዛ፣ ግንቦት ላይ ሌላ 100 በ1,000 ብር ጨመረ። ክረምቱ ሳይገባ 120ውን በ1,300 ብር ሸጠ። ሽያጩ 156,000 ብር ነው። የሸጠው ዕቃ ዋጋው ስንት ነው? ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል ካልን፣ ማለትም በፊፎ፣ 100ው በ800 እና 20ው በ1,000 ስለሆነ 100,000 ብር፤ ጥቅል ትርፉ 56,000። በአማካይ ዋጋ፣ አንዱ 900 ሆኖ፣ 108,000 ብር፤ ትርፉ 48,000። በመጨረሻ የገባ ቀድሞ ይወጣል ካልን፣ በሊፎ፣ 100ው በ1,000 እና 20ው በ800 ሆኖ 116,000፤ ትርፉ 40,000 ብቻ። ብርድ ልብሱ ያው፣ ሽያጩ ያው፣ በፊፎና በሊፎ መካከል ግን 16,000 ብር ልዩነት አለ።

አይኤፍአርኤስ ሊፎን አይፈቅድም። የአሜሪካው ደንብ ይፈቅዳል። ስለዚህ የላይብረሪያችሁ መጽሐፍ ሊፎን ከፊፎ እኩል ዘርዝሮ ያስተምራል፣ መልመጃም ይሰጥበታል፣ ልጁም ተመርቆ ወጥቶ እዚህ አገር የማይፈቀድ አሠራር በእጁ ይዞ ይሄዳል። ልብ በዪ ግን፦ ይህ የመጽሐፉ እርጅና አይደለም። የዚያው መጽሐፍ የአሜሪካ እትም ትናንት ከማተሚያ ቤት ቢወጣም ሊፎ ውስጡ አለ። ስለዚህ አሥር ዓመት የሞላው የአይኤፍአርኤስ እትም በዚህ ምዕራፍ ከዘንድሮው የአሜሪካ እትም ይሻልሻል። ሽፋን ላይ ያለ ዓመተ ምሕረት ይህን አይነግርሽም።

በሌላ በኩል ከነጭራሹ የማያረጁ ምዕራፎች አሉ። ድርብ ምዝገባ፣ ጆርናል፣ ወደ ሌጀር ማስተላለፍ፣ ትራያል ባላንስ፣ ሒሳብ መዝጋት፤ እነዚህ የቬኒስ ነጋዴዎች ከ500 ዓመት በፊት ይሠሩበት የነበረው ነው፣ በዩኤስ ጋፕም በአይኤፍአርኤስም ያው ነው። አርባው መጽሐፍሽ በእነዚህ ላይ የሚጎድለው ነገር ቢኖር ስሞች ናቸው። ባላንስ ሺት የሚለውን አይኤፍአርኤስ የፋይናንስ አቋም መግለጫ ይለዋል፤ የአይኤፍአርኤስ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ሕንፃና ማሽኑን ከላይ፣ ጥሬ ገንዘብን ከታች ያስቀምጣሉ፣ የአሜሪካው ጥሬ ገንዘብን ከላይ ያደርጋል። አቀማመጡ የግድ አይደለም፣ ግን ልጆቹ ሲያዩት እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሶፍት ኮፒውንም ብቻውን አትመኚው። መቼ እንደተዘጋጀ እዪ። ከ2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በፊት ከሆነ የገቢ ምዕራፉ በአሮጌው የገቢ ደንብ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዓመት አይኤፍአርኤስ 15 ሥራ ላይ ውሏል። ለጀማሪ ኮርስ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ተመላሽ ዕቃ ላይ ብቻ ጠንቀቅ በዪ። ከዚህ በኋላ ደግሞ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2027 ጀምሮ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው አቀራረብ በአይኤፍአርኤስ 18 ይቀየራል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ የምንለው መጽሐፍ ያቺ አንዲት ምዕራፉ በቅርቡ ታረጃለች። ለዚህ ብለሽ መጽሐፍ አትቀይሪ፤ አንድ ገጽ ማሟያ ይበቃል።

ፔይሮል ላይ ሁለቱም መጻሕፍት አይረዱሽም። የአሜሪካ የደመወዝ ግብር ለሸዋ ሮቢት ሱቅ ምን ያደርጋል? ይህን ሁሉም ሰው አገር ውስጥ ከተዘጋጀ ሞጁል ነው የሚያስተምረው። ችግሩ ሞጁሉም ማርጀቱ ነው፣ የሚያረጀውም ከውጭው መጽሐፍ በፍጥነት ነው። አንድ ፈጣን መመርመሪያ ልንገርሽ። የደመወዝ ግብር ሰንጠረዡን ክፈቺና የመጀመሪያውን መስመር እዪ፤ ከግብር ነፃ የሆነው እስከ 600 ብር የሚል ከሆነ በ979/2008 አዋጅ ነው የተሠራው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ከወጣው ማሻሻያ በፊት ያለው ነው። አሁን ነፃው እስከ 2,000 ብር ነው።

ልዩነቱን በ9,000 ብር ደመወዝ ሥሪው። በአሮጌው ሰንጠረዥ ግብሩ 1,745 ብር ይመጣል። በአዲሱ ግን የመጀመሪያው 2,000 ነፃ፣ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300፣ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ የቀረው 2,000 በ25 በመቶ 500፤ ድምሩ 1,400 ብር። ልጁ ከአሮጌው ሞጁል ተምሮ ሥራ ቢገባ ከአንድ ሠራተኛ በወር 345 ብር ያለ አግባብ ይቆርጣል። ጡረታው ግን አልተነካም፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 630 ብር፤ ስለዚህ የሞጁሉ አሠራርና የጆርናል ምዝገባው ደህና ነው፣ ሰንጠረዡን ብቻ ነው የምትቀይሪው። ሞጁል መጣል ሳይሆን አንድ ገጽ መተካት ነው።

የኤዲሽኑ ጣጣ ደግሞ ይኸውልሽ። መጀመሪያ ልጆቹ የያዙትን ሁሉ ሰብስቢና ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የቅጂ መብት ገጽ አንብቢ። ኤዲሽንና ድጋሚ ኅትመት የተለያዩ ናቸው። በርካሽ ዋጋ ሕንድ ውስጥ የሚታተሙት ላይ የድጋሚ ኅትመቱ ዓመት ጎልቶ ይጻፍና አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የቆየው እትም ነው። ስለዚህ ዓመቱን ትተሽ «ስንተኛ እትም» የሚለውን ያዢ፤ ኢንተርናሽናል ወይም አይኤፍአርኤስ የሚል ካለውም እሱን መዝግቢ። ኢንተርናሽናል የተባለ ሁሉ አይኤፍአርኤስ አይደለም፤ አንዳንዱ ያው የአሜሪካው ነው፣ ለውጭ ገበያ የተሸጠ። የሚለየው የኢንቨንተሪ ምዕራፉን ገልጠሽ ስለ ሊፎ ምን እንደሚል ስታዪ ነው።

ከዚያ የሁለቱን ማውጫ ጎን ለጎን አድርጊ። ብዙውን ጊዜ በተከታታይ እትሞች መካከል ጽሑፉ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመልመጃው ቁጥር ነው። የጥያቄው ሐሳብ ያው ሆኖ የድርጅቱ ስም፣ ብሩ፣ ተራ ቁጥሩ ይቀየራል። የቤት ሥራሽ የማይገጥመውም በዚህ ነው። መቅድሙ ውስጥ «በዚህ እትም አዲስ ነገር» የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ «መልመጃዎች ታድሰዋል» ብቻ ካለ አሮጌውን የያዘ ልጅ ምንም አልጎደለበትም። «በአዲሱ ደንብ ምክንያት ምዕራፉ ተከልሷል» ካለ ግን ያቺን ምዕራፍ ለይተሽ ያዢያት።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቤት ሥራን በቁጥር መስጠት ተዪ። ጥያቄውን ራሱን ጽፈሽ በአንድ ገጽ ስጪ፣ ወይም የክፍል ቴሌግራም ላይ ለጥፊው። ልጁ ከአምስት ዓመት በፊት የታተመውን ይዞ ቢመጣም ንባቡን ከዚያ ያነባል፣ ጥያቄውን ካንቺ ይወስዳል። አንድ ጉዳት አለው፦ መልሱን ከኋላው ገጽ ማመሳከር አይችልም። ስለዚህ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ለምሳሌ «የተጣራ ትርፉ ይህን ያህል ይመጣል» የሚል፣ ከጥያቄው ሥር ጻፊለት።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልሽ፣ እኔ ብሆን አርባውን መጽሐፍ እስከ ሒሳብ መዝጋት ድረስ ላሉት ምዕራፎች እጠቀምበት ነበር፤ የማስተካከያው ምዕራፍ በልጆቹ ሙከራ ካለፈ ማለት ነው። ከወደቀ ያንንም ምዕራፍ ከሶፍት ኮፒው ውሰጂ። ኢንቨንተሪውንና የሪፖርት አቀራረቡን ከአይኤፍአርኤስ እትም የሚያስፈልጉትን ገጾች ብቻ ለክፍል አባዢ፤ ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ መሸጥ የቅጂ መብት ጣጣም አለው፣ የልጆቹንም ኪስ ያራቁታል። ፔይሮሉን ከሞጁሉ፣ ሰንጠረዡን ቀይረሽ። ይህንን ኮርስ አውትላይኑ ላይ በምዕራፍ በምዕራፍ ጻፊው፤ የትኛው ሳምንት ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚነበብ፣ በየትኛው እትም ስንተኛ ምዕራፍ እንደሆነ ጭምር። አርባው መጽሐፍ ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ ለሁለት አንድ እያደረግሽ አውሺ፤ መልመጃውን ካንቺ ስለሚያገኙ ለመጽሐፉ መሻማት ይቀንሳል።

አንድ የቀረ ነገር፦ የላይብረሪው መጽሐፍ ውስጥ የሊፎ ክፍል አለና ትጉዎቹ ቀድመው ያነቡታል። የኢንቨንተሪው ሳምንት ከመድረሱ በፊት ፈተና ላይ ስሌቱ እንደማይመጣ፣ ግን ለምን እንደማይፈቀድ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ንገሪያቸው። ያለበለዚያ ሚድ ላይ የብርድ ልብሱን ጥያቄ በሊፎ ሠርተው 40,000 የሚጽፉልሽ አይጠፉም፣ መጽሐፉን ገልጠው «ይኸው» ሲሉሽም ክርክሩ አያልቅም።